ይህን ኢሜይል እንዴት ላለዝበው?

እባካችሁ እርዱኝ። የሥራ ባልደረባዬ የሽያጭ ቁጥሮቹን ሰኞ ሊልክልኝ ነበር፤ ዛሬ ረቡዕ ነው። ተናድጄ እንዲህ ጻፍኩ፦

«ቁጥሮቹን እስካሁን አልላክህም። ዛሬውኑ ላክ።»

«አልላክህም» ጣት መቀሰር መሰለኝና ተውኩት። ከዚያ፦

«ሥራ እንደበዛብህ አውቃለሁ። ሲመቸህ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል።»

ይሄ ደግሞ ልምምጥ ሆነ። «ሲመቸህ» ካልኩት በቃ፣ ቀኑን ራሱ ይመርጣል። አሁን እዚህ ደርሻለሁ፦

«ሰላም፣ ሪፖርቱን አርብ ጠዋት ስለማስረክብ የሽያጭ ቁጥሮቹ እስከ ነገ 6 ሰዓት እንዲደርሱኝ እፈልጋለሁ። ካልተሟሉ ያለውን ላክልኝ፤ ቀሪውን አብረን እንጨርሰዋለን። አመሰግናለሁ።»

«እፈልጋለሁ» አሁንም ይቆረቁራል? «እጠይቃለሁ» ብለውስ ይላላል? ደግሞ በዕድሜ ይበልጠኛል። በአፍ «አንተ» ነው የምንባባለው፤ በጽሑፍ «እርስዎ» ብለው የተቀየምኩ ይመስለው ይሆን?