የተተወ ቫሪያብል ባያስ፦ አቅጣጫው ገባኝ፣ መጠኑ ግን አልገጥም አለኝ

እባካችሁ ከትናንት ጀምሮ እዚች ጋ ተጣብቄያለሁ። የ4 ተማሪ ዳታ ራሴ ፈጠርኩ፣ የጥናት ሰዓት 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ የቀድሞ እውቀት 4፣ 4፣ 2፣ 2፣ ውጤቱን ደግሞ 2 × ሰዓት + 5 × እውቀት አደረግኩት፣ ማለትም 22፣ 24፣ 16፣ 18። እውቀትን ትቼ ውጤትን በሰዓት ብቻ ሪግሬስ ሳደርግ ኮፊሸንቱ -2 መጣ፣ ማጥናት ውጤት የሚቀንስ አስመሰለው! ባያሱ ወደ ታች የሆነበት ገብቶኛል፣ እውቀት ውጤት ይጨምራል፣ ብዙ የሚያጠኑት ደግሞ እውቀታቸው ዝቅ ያለው ናቸው።

መጠኑ ነው ያስቸገረኝ። ሰዓትን በእውቀት ሪግሬስ ሳደርግ -1 ስላገኘሁ 2 + 5 × (-1) = -3 ጠብቄ ነበር። ገልብጬ እውቀትን በሰዓት ሳደርገው ግን -0.8 ይሆንና 2 - 4 = -2፣ ልክ ገጠመ። ለምንድነው የግድ በዚህ በኩል የሚሆነው? ፎርሙላውን ሳይሆን ምክንያቱን የሚያስረዳኝ ካለ በጣም አመሰግናለሁ።