ፓምፑ ያሰብኩትን ያህል ውሃ ለምን አላደረሰም?

ጠያቂ፦ ከምድር ገንዳ ወደ 28 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለ ታንከር፣ የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊሜትር በሆነ የ600 ሜትር ፕላስቲክ ቱቦ፣ በሰከንድ 3 ሊትር ለማድረስ አስቤ ነበር። የሬይኖልድስ ቁጥሩ 76,000 ገደማ ስለሆነ የሰበቃ ቁጥሩን f ከቻርት ላይ 0.0047 ብዬ አንብቤ በ`h = f·(L/D)·v²/(2g)` ሳሰላ በሰበቃ የሚጠፋው 6.7 ሜትር ሆነ። ለመታጠፊያና ለቫልቭ 2 ሜትር ጨምሬ፣ በዚያ ፍሰት 37 ሜትር ሄድ የሚሰጥ ፓምፕ ገዛሁ። አሁን ታንከሩ አፍ ላይ ባለ 200 ሊትር በርሜል በ67 ሰከንድ ፈንታ በ105 ሰከንድ ይሞላል።

የጉድጓድ ሰው፦ እኔም ጋ እንዲህ ሆኖ ነበር፤ ደጋ ላይ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ፓምፑ ከ5 ሜትር በላይ መሳብ አቅቶት ነበር። ወደ ውሃው ዝቅ ያድርጉት።

ጠያቂ፦ የእኔ ፓምፕ ከገንዳው በታች ስለተቀመጠ ውሃው በራሱ ይገባለታል።

ቧንቧ ሠሪ፦ ቻርት ምን ያደርጋል? እኔ ሁልጊዜ 0.02 እወስዳለሁ፤ 28 ሜትር ተኩል ይመጣል።

መሐንዲስ፦ ያነበቡት ቁጥር የፋኒንግ ነው፤ የተጠቀሙበት ቀመር ግን የዳርሲን ይፈልጋል፣ እርሱም አራት እጥፍ ነው። ቻርቱን ለመለየት ለዝግተኛው ፍሰት የተሰመረውን ቀጥ ያለ መስመር ይመልከቱ፤ `16/Re` ከሆነ ፋኒንግ፣ `64/Re` ከሆነ ዳርሲ ነው። ስለዚህ በ0.019 ገደማ ሲሰላ በሰበቃ የሚጠፋው 27 ሜትር፣ ጠቅላላው ሄድ 57 ሜትር ይሆናል። የ0.02 ልማድ እዚህ ቢሠራም፣ ቱቦው አዲስ የጋልቫናይዝድ ብረት ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ 0.028፣ ኪሳራውም 40 ሜትር ይደርስ ነበር። ማረጋገጥ ከፈለጉ ከፓምፑ መውጫ፣ ከማይመልሰው ቫልቭ በኋላ፣ የግፊት መለኪያ ይግጠሙ፤ ፓምፑ ሲቆም የሚያሳየው የከፍታውን ብቻ ነውና ሲሠራ የሚጨምረው የቱቦው ኪሳራ ነው።

ጠያቂ፦ ገጥሜ አየሁት። ቆሞ 2.75 ባር፣ ሲሠራ 4 ባር ያሳያል።

መሐንዲስ፦ ልዩነቱ 12.7 ሜትር ያህል ነው፤ ይህም በሰከንድ 1.9 ሊትር ብቻ ሲፈስ ነው። ኪሳራው ከፍሰቱ ካሬ በጥቂቱ ባነሰ መጠን ስለሚያድግ በ3 ሊትር 29 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከ27 እና ከ2 ድምር ጋር ይገጥማል። የውስጥ ስፋቱ 65 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ቢዘረጋ የሰበቃው ኪሳራ ወደ 8 ሜትር ስለሚወርድ፣ የገዙት ፓምፕ ለ3 ሊትር ጥቂት ብቻ ይጎድለዋል።

ጠያቂ፦ ገንዘቤ የሚበቃው ለግማሹ ቱቦ ነው።

መሐንዲስ፦ ግማሹ ሲቀየር ጠቅላላው 47 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ፍሰቱ ይሻሻላል እንጂ 3 ሊትር አይደርስም።

ቧንቧ ሠሪ፦ እኔ ብሆን ባለ 57 ሜትሩን ፓምፕ እገዛለሁ።

መሐንዲስ፦ ያ በመነሻው 5.6 ባር ነው፤ ፓምፑ በድንገት ሲቆም የሚፈጠረው ምትም ይጨመርበታል። ቱቦው ላይ የተጻፈው የግፊት ደረጃ ስንት ነው?

ጠያቂ፦ ተቀብሯል፤ ነገ አንድ ቦታ ቆፍሬ አያለሁ።