የኦዲት ግኝት አጻጻፍ የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ሰብሳቢ (የጽሑፍ ኮሚቴ)
የተከበራችሁ አባላት፣ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ገጽ ብቻ ነው። የማኅበራችን አባላት ግኝት ሲጽፉ ሁኔታውን፣ መስፈርቱን፣ ምክንያቱን፣ ውጤቱንና የማሻሻያ ሐሳቡን ለየብቻው በሚነበብ ዓረፍተ ነገር እንዲያስቀምጡ ይጠይቃል። ከገጹ ጋር ናሙና ማያያዝ አለብን። አንድ አባል ስሙ ካልተጠቀሰ መሥሪያ ቤት የላኩልን ግኝት ይህ ነው፦

«ከሠራተኞች ላይ በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ ብር 318,500 መገኘቱ መመሪያን ያልተከተለና የመንግሥትን ገንዘብ ለብክነት የዳረገ ስለሆነ ወደፊት ተገቢው ጥንቃቄ እንዲደረግ።»

ይህን አብረን እናፍታታው። የሥራ ወረቀቱ በእጄ ስላለ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ።

ከባሕር ዳር
ከአምስቱ ነገሮች አራቱ እኮ አሉበት። ሁኔታው 318,500 ብር ነው፤ ምክንያቱ መመሪያን አለመከተል፣ ውጤቱ ብክነት፣ የማሻሻያ ሐሳቡ ደግሞ ጥንቃቄ። መስፈርቱን የመመሪያውን አንቀጽ ጠቅሰን ብንጨምር ይበቃል ባይ ነኝ። ምክንያቱን ማስፋት ካስፈለገም የሠራተኞች ቸልተኝነት ነው፤ ሥልጠና ይሰጥ እንበል።

ከአዳማ
መስፈርቱ እንደጎደለ ወንድማችን በትክክል አይቷል። የቀረው ግን አያስማማንም። «መመሪያን አለመከተል» ምክንያት አይደለም፤ ያው ሁኔታው በሌላ ቃል ተደግሞ ነው። ገንዘቡ በጊዜው ለምን አልተወራረደም ብዬ ብጠይቅ «በጊዜው ስላልተወራረደ» የሚል መልስ ነው የማገኘው።

ሰብሳቢያችን ሦስት ነገር ይንገሩን። በዓመቱ ስንት ቅድሚያ ክፍያ ተሰጠ? ሁሉንም ነው ያያችሁት ወይስ ናሙና? ካልተወራረደው ውስጥስ ከመውጫ ስብሰባው በፊት ደረሰኝ የቀረበለት አለ?

ሰብሳቢ (የጽሑፍ ኮሚቴ)
ለመስክ ሥራ የተሰጡት 46 ነበሩ፤ ሁሉንም አይተናል። የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ መመሪያ ሠራተኛው ከመስክ በተመለሰ በ7 ቀን ውስጥ እንዲያወራርድ ያዛል፤ ያላወራረደ ሰውም ሌላ ቅድሚያ ክፍያ አይሰጠውም። ሰኔ 30 ላይ ቀኑ ያለፈባቸው 11 ናቸው። ከእነዚህ ስድስቱ በሐምሌ ደረሰኝ አቅርበዋል፤ ደረሰኙን መርምረን ትክክል ሆኖ አግኝተነዋል፣ 187,300 ብር። ሁለቱ ሥራ ለቀዋል፣ 42,700 ብር። ሦስቱ እስካሁን አላወራረዱም፣ 88,500 ብር።

ከአዳማ
እንግዲያው «ለብክነት የዳረገ» የሚለው ዛሬውኑ ይሰረዝ። ከገንዘቡ ከግማሽ በላይ የሆነው ለሥራ እንደዋለ እኛው ራሳችን በደረሰኝ አረጋግጠናል። ኃላፊው በመውጫ ስብሰባው ያንን ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጥ ትክክል የሆነው የግኝታችን ክፍል ሳይቀር ይወድቃል። እኔ ላይ አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፤ በአንድ ቃል የተነሳ አሥር ገጽ ተከራክሬያለሁ።

የሚታየውን ውጤት እንጻፍ። 187,300 ብሩ ሥራው ባለቀበት ዓመት በወጪ አልተመዘገበም፤ የዓመቱ ወጪ በዚያው መጠን አንሶ ሪፖርት ተደርጓል። ሥራ ከለቀቁት ሰዎች 42,700 ብር ማስመለስ አስቸጋሪ ሆኗል። እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከ«ብክነት» ይልቅ ከባድ ናቸው፤ ማንም ሊያስተባብላቸው አይችልምና።

ከድሬዳዋ
እኔ የገባኝ ኃላፊዎች ግኝቱን እንዲቀበሉ እንዴት እንመልስላቸው የሚል ነበር፤ ይቅርታ። ግን የእኔም ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። በንብረት ክፍል 8 የመኪና ጎማ በሞዴል 20 ተጠይቆ ወጥቷል፤ ሞዴል 22 ግን አልተቆረጠለትም፤ ቢን ካርዱም ጎማው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ያሳያል። ንብረት ጠባቂው «የሥራ ጫና ነው» ስላለኝ ምክንያቱን «የሥራ ጫና» ብዬ ጻፍሁ። ኃላፊው ተጨማሪ ሠራተኛ ይቀጠርልኝ የሚል መልስ ሰጠ። ምን ላድርግ?

ከአዳማ
እህቴ፣ ጥሩ ጊዜ ላይ ነው ያነሳሽው። ንብረት ጠባቂው ያለሽ ፍንጭ ነው፤ ምክንያት የሚሆነው ስታረጋግጪው ነው። በዚያው ወር ስንት ሞዴል 22 እንደተቆረጠ ቁጠሪ። ሌሎቹ በየዕለቱ ተቆርጠው የጎማው ብቻ ከቀረ ጫናው አይደለም። ጎማው በማን ትዕዛዝ፣ በስንት ሰዓት እንደወጣ ጠይቂ።

በእኛም ናሙና እንዲሁ ነው። 46 ቅድሚያ ክፍያዎች በአንድ መመሪያ ተሰጥተው 35ቱ ቀናቸው አላለፈም። ስለዚህ ሥልጠና ጎደለ ማለት አልችልም። ሰብሳቢያችን፣ ከ11ዱ ውስጥ ሳያወራርድ ሁለተኛ የወሰደ አለ?

ሰብሳቢ (የጽሑፍ ኮሚቴ)
ሦስት ሰዎች አሉ። የክፍያ ማዘዣቸውን ደግሜ አየሁት። ቅጹ ላይ «ያልተወራረደ ቀሪ የለበትም» ብሎ የሚፈርም ሰው ቦታ የለውም። የተሰብሳቢ መዝገቡም የተያዘው በክፍያ ማዘዣ ቁጥር እንጂ በሰው ስም አይደለም፤ አንዱ ሠራተኛ ሦስት የተለያዩ ገጾች ላይ ይገኛል። የሚያጸድቀው ኃላፊ ቢፈልግ እንኳ በአንድ ዕይታ ሊያውቅ አይችልም።

ከባሕር ዳር
ይህን ሳላውቅ ነው የተናገርሁት፤ ሥልጠናውን ትቻለሁ። ግን አንድ ነገር አልለቅም፤ ማስታወሻ ደብዳቤ ተጽፎላቸዋል?

ሰብሳቢ (የጽሑፍ ኮሚቴ)
ለሁለቱ ብቻ። ለዘጠኙ አልተጻፈም።

ከአዳማ
ይህ የወንድማችን ነው፤ በምክንያቱ ውስጥ ይግባ።

ከሜሪላንድ
እዚህ አሜሪካ በመንግሥት ኦዲት የምንሠራው «ቢጫው መጽሐፍ» በምንለው ደረጃ ነው። የግኝት ክፍሎች ብሎ የሚዘረዝረው አራት ነው፤ የማሻሻያ ሐሳብ ከአራቱ ውጭ ተለይቶ ይመጣል። የትኞቹ ክፍሎች እንደሚያስፈልጉም በኦዲቱ ዓላማ ይወሰናል። ስለዚህ ምክንያቱን በማስረጃ ያልደረሰበት አባል ቦታውን በግምት ከሚሞላ «ምክንያቱን ለማረጋገጥ የሚያስችል ማስረጃ አላገኘንም» ብሎ እንዲጽፍ የሚፈቅድ መስመር በገጻችን ቢኖር እወዳለሁ።

ከባሕር ዳር
ለሰነፍ ኦዲተር በር አንከፍትም? ሁሉም ያችን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ ቢሄድስ?

ከሜሪላንድ
የሞከረውን አብሮ ይጻፍ፤ ማንን እንደጠየቀ፣ የትኛውን ሰነድ እንዳየ።

ሰብሳቢ (የጽሑፍ ኮሚቴ)
ይህን ለድምፅ እናቆየው። እስካሁን የተባለውን ሰብስቤ ናሙናውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«በ2016 በጀት ዓመት ለመስክ ሥራ የተሰጡትን 46 ቅድሚያ ክፍያዎች በሙሉ መርምረናል። ሰኔ 30 ቀን 2016 ላይ 11ዱ፣ በድምሩ ብር 318,500፣ ቀናቸው አልፎ አልተወራረዱም፤ ከ11ዱ ሦስት ሠራተኞች የመጀመሪያውን ሳያወራርዱ ሁለተኛ ወስደዋል። የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ሠራተኛው በተመለሰ በ7 ቀን ውስጥ እንዲያወራርድ፣ ያላወራረደም ሌላ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይሰጠው ያዛል። ይህ የሆነው የተሰብሳቢ መዝገቡ በሠራተኛ ስም ስላልተያዘ፣ የክፍያ ማዘዣ ቅጹ ቀሪ ዕዳ አለመኖሩን የሚያረጋግጥ ፊርማ ስለማይጠይቅና ለዘጠኙ ማስታወሻ ስላልተጻፈ ነው። በዚህም የዓመቱ ወጪ በብር 187,300 አንሶ ተመዝግቧል፤ ሥራ ከለቀቁ ሁለት ሠራተኞችም ብር 42,700 አልተመለሰም። የፋይናንስ ኃላፊው ቀሪውን ብር 131,200 እስከ መስከረም 30 ቀን 2017 እንዲያስመልሱ ወይም እንዲያወራርዱ፤ እስከዚሁ ቀን መዝገቡን በሠራተኛ ስም እንዲያደራጁ፣ ቅጹ ላይ የሂሳብ ሠራተኛ የሚፈርምበት መስመር እንዲጨምሩ፣ ቀኑ ላለፈበት ሁሉ በየሳምንቱ ማስታወሻ እንዲጽፉ እናሳስባለን።»

ከአዳማ
ሦስት ምክንያት፣ ሦስት መፍትሔ፤ አንዱ ካንዱ ይገጥማል። የሥራ አመራሩ መልስ ከዚሁ ገጽ ሥር ይምጣ ወይስ በአባሪ? እኔ ሥሩ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ አንባቢው ገጽ እንዳያገላብጥ።

ከድሬዳዋ
እኔ በአባሪ ይሁን እላለሁ፤ አንዳንዱ መልስ አራት ገጽ ነው። የሞዴል 22 ቆጠራዬን ነገ ጨርሼ አመጣለሁ።

ሰብሳቢ (የጽሑፍ ኮሚቴ)
የመልሱ ቦታና የሜሪላንዱ ወንድማችን መስመር፣ ሁለቱም ዓርብ ለድምፅ ይቀርባሉ።