ባለቤቴ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ይቆማል፤ ጉሮሮው ምን ሆኖ ነው?

የአዘዞዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ 46 ዓመቱ ነው። ከጎንደር መተማ አይሱዙ ይነዳል። ማንኮራፋቱ የቆየ ነው፤ ለምጄዋለሁ። አሁን ግን በመሃል ድንገት ጸጥ ይላል። ደረቱና ሆዱ ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሽ ግን የለም። ከዚያ እንደታነቀ ሰው ብንን ይልና መልሶ ያንኮራፋል። ጠዋት ስነግረው «ለጥ ብዬ ነው ያደርኩት» ይላል። ቀን ደህና የነበረ ጉሮሮ ማታ ለምን ይዘጋል? እንጥሉን ይቆረጥ የሚሉኝም አሉ።

ጌታው ከአራዳ
እህቴ፣ ይሄ ዱካክ ነው። እኔንም ይጫነኝ ነበር፤ መጮህ እፈልጋለሁ፣ ድምፄ አይወጣም። ጸበል ውሰጂው።

የማራኪ እናት
የኔም ልጅ እንዲሁ ነበር፣ አፉን ከፍቶ ነበር የሚተኛው። ቶንሲሉ አብጦ ነው ተባልን። ወጣለት፣ አሁን ድምፁም አይሰማ። የሱንም ቶንሲል አሳዪው።

ሌሊት ተረኛ
ሥራዬ ቀዶ ጥገና ክፍል ሰመመን መስጠት ነው። ያልሽውን ነገር በየቀኑ አየዋለሁ፣ ያውም በደማቅ መብራት።

ጌታው፣ ዱካክ የያዘው ሰው ነቅቶ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ጠዋትም ያስታውሰዋል። የእህታችን ባለቤት ግን ምንም አያስታውስም። የማራኪ እናት፣ በልጅ ላይ ቶንሲል ዋናው ጥፋተኛ ነው። በአዋቂ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ሌላ ነው፤ ቢሆንም ቶንሲሉ መታየቱ አይከፋም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አፍንጫ አጥንት አለው። ከማንቁርት በታች ያለው የአየር ቱቦም ከኋላው ክፍት የሆነ ጠንካራ ቀለበት ይዞታል። በሁለቱ መሃል፣ ከላንቃ ጀርባ እስከ ምላስ ሥር ያለው ቦታ ግን የሚደግፈው ጠንካራ ነገር የለም። ግድግዳው ጡንቻና ስብ ነው። እንዲህ ባይሆን ኖሮ በዚያው መንገድ መዋጥም መናገርም አንችልም ነበር።

አየር ስንስብ ይሄ ለስላሳ ቦታ ወደ ውስጥ ይሳባል። ስስ የላስቲክ ቱቦ አፍሽ ውስጥ አድርገሽ በኃይል ብትስቢ ግድግዳው እንደሚጣበቀው ማለት ነው። ቀን ለምን አይጣበቅም? አእምሮ ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ቀደም ብሎ ጡንቻዎቹን «ተወጠሩ» ስለሚል ነው። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ከአገጭ አጥንት ጀርባ ተነስቶ ምላስን ወደ ፊት የሚስበው ጡንቻ ነው። ጉሮሮው ጠባብ የሆነ ሰው ይሄ ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ከሌላው ሰው በላይ ይለፋለታል። ለዚህ ነው ቀን ደህና የሚመስለው።

እንቅልፍ ሲወስደው ያ ትእዛዝ ይቀንሳል። ሕልም በሚታይበት እንቅልፍ ደግሞ ይብሳል። በጀርባው ከተኛ ምላሱ በክብደቱ ወደ ኋላ ይወርዳል። መንገዱ ሲጠብ ያንኮራፋል፤ ሲዘጋ ጸጥ ይላል። ስለዚህ አሳሳቢው ጸጥታው ነው።

እኛ ዘንድ በሽተኛው ሰመመን ሲወስደው ልክ እንዲሁ ማንኮራፋት ይጀምራል፣ ከዚያ ድምፁ ይጠፋል፣ ደረቱ ግን ይታገላል። ጣቶቼን ከጆሮው በታች ከመንጋጋው ማእዘን ኋላ አስገብቼ መንጋጋውን ወደ ላይ አነሳዋለሁ። ምላሱ አብሮ ይነሳል፣ ትንፋሹ እፍ ብሎ ይገባል።

ቤት ውስጥ መንጋጋውን የሚያነሳለት የለም፤ የራሱ አእምሮ ነው የሚያነሳው። ኦክስጅን ይወርዳል፣ የተቃጠለው አየር ይከማቻል፣ ደረት አብዝቶ ይስባል። አእምሮ ለጥቂት ሰከንድ ይነቃል፣ ጡንቻው ይወጠራል፣ ጉሮሮው ይከፈታል። ብንን የሚለው ያኔ ነው። መንቃቱ አጭር ስለሆነ አያስታውሰውም። «ለጥ ብዬ አደርኩ» ያለሽም አልዋሸሽም።

ባለ ጃኖ
እኔ በልጅነቴ እንጥሌን ተቆርጫለሁ፣ አላንኮራፋም። የሚያርገበግበው እሱ አይደል? መቁረጡ ምን ይጎዳል?

ሌሊት ተረኛ
ከሚያርገበግቡት አንዱ መሆኑ ልክ ነው። መንገዱን የሚዘጋው ግን በአብዛኛው ምላሱ፣ ላንቃውና የጎን ግድግዳው ነው። እንጥል ቢቆረጥ እነሱ እዚያው ናቸው። በቤት መቁረጥ ደግሞ መድማትና መመረዝ አለው፤ እንዲህ ሆነው የመጡ አይቻለሁ። ድምፁ ቢቀንስና መዘጋቱ ቢቀጥል ደግሞ ምልክቱን ነው ያጠፋነው።

የአዘዞዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ በስልኬ ቀረጽኩት። በ20 ደቂቃ ውስጥ 11 ጊዜ ጸጥ ብሏል። አጭሩ 15 ሰከንድ፣ ረጅሙ 35 ሰከንድ ነው። በጀርባው ነበር የተኛው። በጎኑ ሳዞረው ቀነሰ። አረቄ የቀመሰ ቀን ግን በየትም ቢዞር ያው ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ሁለት ዓይነት ይወስዳል፣ አልወርድ ብሏል። ሌሊትም ለሽንት ደጋግሞ ይነሳል።

ሌሊት ተረኛ
ጎበዝ፣ የሚያስፈልገውን ነው የያዝሽው። 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቆመ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። በሰዓት ከ5 ጀምሮ ችግር ነው፣ ከ15 በላይ መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። በ20 ደቂቃ 11 ማለት በዚያው ከቀጠለ በሰዓት 33 ነው። ይሄ ግን ምርመራ አይደለም። በጀርባው ያለበትን ክፉውን ሰዓት ብቻ ይሆናል የቀረጽሽው፤ ቪዲዮ ደግሞ ኦክስጅን አይለካም።

ደረቱ መንቀሳቀሱ ትልቅ ፍንጭ ነው። አእምሮ መተንፈስን ረስቶ ቢሆን ኖሮ ደረቱም ይቆም ነበር። እሱ እየታገለ መንገዱ ነው የተዘጋበት። አረቄ ጡንቻውን የበለጠ ያላላል፣ አእምሮ የሚነቃበትንም ያዘገያል። የእንቅልፍ ኪኒንም ያለ ሐኪም እንዳይወስድ፣ በተመሳሳይ ምክንያት።

ሽንቱም ከዚሁ ሊሆን ይችላል። በተዘጋ ጉሮሮ ሲስብ ልቡ ይለጠጣል፣ ልብም «ውሃ አስወጣ» የሚል መልእክት ለኩላሊት ይልካል። የስኳር ምርመራ ግን አትተዉ። ግፊቱ ያልወረደበትም ምክንያት እዚህ ሊኖር ስለሚችል ለሚከታተለው ሐኪም ቪዲዮውን አሳዪው።

ቀጭኑ
ይሄ የወፍራም በሽታ ነው ይሉኝ ነበር። እኔ ሸንበቆ ነኝ፣ አለብኝ። አገጬ ትንሽ ስለሆነች ምላሴ ቦታ አጣች አሉኝ። ወንድሜ ከውጭ ሲፓፕ ላከልኝ። ኦክስጅን የሚሰጥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ተራ አየር እየገፋ ጉሮሮውን ከፍቶ የሚይዝ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ያው ወደ ማንኮራፋቴ። የጎንደር ከፍታስ አያባብሰውም? ባሕር ዳርቻ ሄጄ ስተኛ የተሻለኝ ይመስለኛል።

ሌሊት ተረኛ
ከፍታው ጉሮሮውን አይጨፍነውም። እዚህ ኦክስጅናችን ሲጀመርም ትንሽ ዝቅ ያለ ስለሆነ ትንፋሽ ሲቆም ቶሎ ይወርዳል። የአንተ ግን እረፍት ላይ መሆንህም ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ብቻ አልፈርድም።

እህቴ፣ አንድ ጥያቄ። መሪ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል?

የአዘዞዋ
ረዳቱ «ጋሼ ዓይናቸው ይከደናል» ብሎኛል። ለሱ ግን አልነገርኩትም።

ሌሊት ተረኛ
እንግዲያው ቀጠሮው እስኪደርስ መሪ አይያዝ። ቡና ጡንቻውን አያጠነክርለትም። አንገት በላይ ሐኪም ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ቪዲዮውን፣ የመድኃኒቶቹን ስምና የረዳቱን ቃል ይዘሽ። ሌሊት ኦክስጅን የሚመዘግብ መሣሪያ ካላቸው ጠይቂ።

ጌታው ከአራዳ
መሪ አይያዝ ማለት ቀላል ነው። ልጆቹ ምን ይበሉ? ቀን ቀን ብቻ ቢነዳስ?

ሌሊት ተረኛ
ወንድሜ፣ ሌሊት ያልተኛ ሰው ቀንም ያንቀላፋል። ረዳቱ መንጃ ፈቃድ ካለው እሱ ይንዳ።

የአዘዞዋ
አለው፣ ግን የአይሱዙ አይደለም። ቪዲዮውን ዛሬ ማታ አሳየዋለሁ። ሐኪም ቤት እሺ ይለኛል፤ መኪናውን ግን እንጃ።