ብርማ ሽፋን ከቆርቆሮው ሥር አስገብቼ ቤቱ ለምን አልቀዘቀዘም?

ሰፊዋ ከገላን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ገላን ውስጥ፣ ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን 4 በ5 ሜትር ሰርቪስ ቤት የልብስ ስፌት ቤት አድርጌአታለሁ። ግድግዳዋ ብሎኬት ነው። ጣሪያዋ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ፣ ቀለም ያልተቀባ ቆርቆሮ ነው። አምና ቆርቆሮውን ሳስቀይር ሙቀት ይከላከላል የተባለ ጥቅል ሽፋን ገዝቼ ከሥሩ አስነጠፍሁ። አንድ ፊቱ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ ሌላው ፊቱ ነጭ ፕላስቲክ ነው። ከእሱ በታች ቺፕውድ ኮርኒስ አለ። እንዲያም ሆኖ ከመጋቢት ወዲህ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ማሽኑ ላይ መቀመጥ አልቻልሁም፤ አናቴን ያቃጥለኛል። ገንዘቤ በከንቱ ሄደ ወይስ የቀረ ነገር አለ? ሌላ ወጪ ከማውጣቴ በፊት ምን ላድርግ?

ቀለም ቀቢው ከቡራዩ

እህቴ፣ ከውስጥ የምትለፊው ልፋት ሁሉ ፀሐይዋ ከገባች በኋላ ነው። ከላይ ነጭ ቀቢው። እኔ ባለፉት ዓመታት ብዙ ጣሪያ ነጭ ቀብቻለሁ፤ ቀትር ላይ ያልተቀባውን ቆርቆሮ መዳፍ አይችለውም፣ የተቀባውን ግን እጅህን አሳርፈህ መቆየት ትችላለህ። ጥሩ የዘይት ቀለም ገዝተሽ ሁለት እጅ ማስቀባት ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል።

እናት ከሱሉልታ

እኔስ ችግሬ ሌሊቱ ነው ልጄ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቆርቆሮው በረዶ ይሆናል። ባለቤቴ ከኮርኒሱ በላይ ሰጋቱራ በከረጢት ደረደረበት፣ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ ደፈነው። ብርዱ ቀነሰልን፣ የዝናቡም ጩኸት ቀነሰ። አንቺም ቀዳዳውን ሁሉ ድፈኚው። አይጥ ግን ሰጋቱራውን ቤት አድርጎታል፤ ለእሱ መላ ያለው ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ፎርማኑ

ልጄ፣ ገንዘብሽ በከንቱ አልሄደም፤ ዕቃው የተቀመጠበት ቦታ ነው ችግሩ ብዬ እጠረጥራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሙቀቱ በእርግጥ ከጣሪያው መሆኑን እንለይ። ሁለት ነገር ሞክሪ።

ቀትር ላይ ማሽኑ ላይ ተቀምጠሽ አንድ ሰፊ ካርቶን ከራስሽ በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገሽ ያዥ። አናትሽ ወዲያው እፎይ ካለ፣ የሚያቃጥልሽ የክፍሉ አየር ሳይሆን ኮርኒሱ የሚረጨው ጨረር ነው። ከጋለ ምጣድ በላይ ሳይሆን በጎኑ ቆመሽ ፊትሽን እንደሚፈጅሽ ማለት ነው፤ ሳትነኪው፣ አየሩም ሳይግል ሙቀቱ ይደርስሻል። ሁለተኛው፣ ደመና ፀሐይዋን ሲሸፍን ሰዓት ያዥ። ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ ሙቀት አያከማችም፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቀለለሽ ጥፋቱ የጣሪያው ነው። እስከ ማታ ካልለቀቀሽ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የመታው የምዕራብ ግድግዳ ነው፤ ያ ሌላ ሥራ ነው።

ከዚያ ሦስት ነገር ንገሪኝ። የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ የት ዞሮ ነው የተነጠፈው? ቆርቆሮውን ይነካል ወይስ በመካከሉ ክፍተት አለ? የቆርቆሮው ሞገድ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ የሚፈጥራቸው ቀዳዳዎች ክፍት ናቸው?

ሰፊዋ ከገላን

ካርቶኑን ሞከርሁ ጋሼ፣ ልክ ጥላ ውስጥ እንደመግባት ነው። ደመናውም እንዳሉት ነው። አናጺው የሚያብረቀርቀውን ወደ ላይ አድርጎ ሞራሌው ላይ ዘረጋው፣ ቆርቆሮውን በላዩ መታበት። «ፀሐይን የሚመልሰው መስታወቱ ነው፣ ወደ ፀሐይ መዞር አለበት» ብሎኝ ነበር። ቺፕውዱ ሞራሌው ሥር ተመትቷል። ቀዳዳዎቹን አቧራና ብርድ እንዳይገባ በሲሚንቶ አስደፍኜአቸዋለሁ።

ፎርማኑ

ይኸውልሽ። አናጺሽ የሠራው ስህተት ብዙ ሰው የሚሠራው ነው፣ ምክንያቱ አሳማኝ ስለሚመስል። ፀሐይዋ ግን ሽፋኑን አታየውም፤ የምታየው ቆርቆሮውን ነው። ቆርቆሮው ግሎ ሽፋኑን ሲነካው ሙቀቱ በንክኪ ያልፋል፣ መስታወትነቱ አንዳች አይፈይድም። ብርማ ፊት የሚሠራው ፊት ለፊቱ አየር ሲኖር ብቻ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር። ወደ ላይ ቢዞር ከላይ የሚመጣውን ጨረር ይመልሳል፣ ወደ ታች ቢዞር ደግሞ ራሱ ቢግልም ጨረር አይረጭም። ሁለቱም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ወደ ላይ የዞረው በአቧራ ይሸፈንና ከጥቂት ዓመት በኋላ ይሞታል። ስለዚህ እኔ ወደ ታች እመርጣለሁ። ባንቺ ቤት ግን ብርማው ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ፣ ወደ ክፍተቱ የዞረው ነጩ ፕላስቲክ ነው። እሱ ደግሞ ጨረር በመርጨት ከእንጨት አይለይም። ገልብጦ ቢነጠፍ ኖሮ ቆርቆሮውን እየነካም ቢሆን ግማሽ ሥራ ይሠራልሽ ነበር።

ቆርቆሮውን አታስነሺ። የሚያስፈልግሽ ከታች ነው፤ ቺፕውዱን በጥንቃቄ ካወረድሽ መልሰሽ ትጠቀሚበታለሽ። አዲስ ሽፋን ሞራሌው ሥር፣ ብርማው ወደ ታች ሆኖ ይዘርጋ። በእሱ ላይ ተሻጋሪ ቀጭን እንጨት፣ ውፍረቱ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር፣ ይመታ፤ ቺፕውዱ ከእንጨቱ ሥር ይመለስ። አሁን ሁለት ክፍተት አገኘሽ፤ ላይኛው አየር የሚተላለፍበት፣ ታችኛው ብርማው የሚሠራበት። ጥቅሉ 1.20 ሜትር ስፋት ካለው፣ 10 ሴንቲ ሜትር እየተደራረበ ለ5 ሜትሩ 5 ቁራጭ ይበቃል። እያንዳንዱን 4.20 ሜትር ብትቆርጪ 21 ሜትር ነው።

ቀዳዳውን በተመለከተ እናታችን የሱሉልታዋ ያሉት ለእሳቸው ችግር ነው፤ ላንቺ ተቃራኒው ነው። መደፈን ያለበት ኮርኒሱ ነው፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍተት መተንፈስ አለበት። ኮርኒሱ መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት ከሌለው ከላይ የሚያልፈው ነፋስ ወደ አንቺ አይወርድም። እኔ የምይዘው ልክ ከኮርኒሱ ስፋት 150ኛው እጅ ነው። ያንቺ 20 ካሬ ስለሆነ 1,300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ግማሹ በዝቅተኛው ግድግዳ፣ ግማሹ በከፍተኛው። በ5 ሜትሩ ርዝመት 3 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ስንጥቅ ብትተዪ ሽቦ ወንፊቱ ግማሹን ቢወስድብሽ እንኳ ይበቃል። በአንድ ወገን ብቻ ከተከፈተ ግን ዋጋ የለውም፤ አየር መውጫ ካላገኘ አይገባም። ሞራሌው ከስንጥቁ ጋር ትይዩ ሄዶ መንገዱን የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ሽፋኑን ከሞራሌው ዝቅ አድርጎ መስቀል ያስፈልጋል፤ ይህን ሳታይ አትጀምሪ።

ወንፊቱን አትዝለይው። ንብ፣ ወፍና አይጥ ቦታው ይመቻቸዋል።

ቀለም ቀቢው ከቡራዩ

ፎርማኑ፣ ታዲያ ነጭ ቀለም አይጠቅምም ነው የምትሉት?

ፎርማኑ

ይጠቅማል፣ በጣም። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይ በአዲስ አበባ ላይ ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው፣ ስለዚህ የቤቱን ሸክም የሚሸከመው ጣሪያው ነው። ነጭ ፀሐይን ይመልሳል፣ የያዘውንም ሙቀት ቶሎ ይለቃል። ያልተቀባ ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ ቀዝቃዛ ይመስላል እንጂ የያዘውን ሙቀት መልሶ መልቀቅ አይሆንለትም፤ ለዚህ ነው እጅ የሚፈጀው። ያልተስማማሁት በዘይት ቀለሙ ነው ወንድሜ። አዲስ ቆርቆሮ ላይ ያለው ዚንክ ከዘይቱ ጋር ይዋሐድና በሁለቱ መካከል እንደ ሳሙና ያለ ነገር ይፈጠራል። በዓመት በሁለት ዓመት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። አይተህ ታውቃለህ ብዬ እገምታለሁ።

ቀለም ቀቢው ከቡራዩ

አይቻለሁ። እውነቱን ለመናገር የቀለሙ ጥራት ጉድለት ይመስለኝ ነበር።

ፎርማኑ

ለዚንክ የሚሆን ፕራይመር፣ ከዚያ ለውጭ የሚሆን የአክሪሊክ ውሃ ቀለም። ከዚያ በፊት ቆርቆሮው በሳሙና ታጥቦ የፋብሪካው ቅባት ይልቀቅ። ውሃ ስትረጭበት ጠብ ጠብ ብሎ ከተሰበሰበ ቅባቱ ገና አለ፤ ተዘርግቶ ካረጠበው ለቀለም ደርሷል።

ነዋሪ ከሰበታ

እኔ በዚህ ሁሉ ምትክ ነጭ ፎም በቀጥታ ከቆርቆሮው ሥር አስለጠፍሁ። ቀን ላይ በእውነት ጥሩ ነው። ግን ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ክብ ይታያል፣ ጣሪያው ግን አያፈስም። ዝናብ በሌለበት ከየት ይመጣል?

ፎርማኑ

ከቤትህ ነው። ከእናንተ እስትንፋስና ከወጥ ቤት የሚወጣው እንፋሎት በፎሙ መገጣጠሚያ አልፎ ቆርቆሮውን ያገኘዋል። ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮው ከውጭው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱ እዚያ ውሃ ይሆንና ጠዋት ይንጠባጠባል። መገጣጠሚያዎቹን ድፈን፣ ወጥ ቤቱን ወደ ውጭ አስተንፍስ። ሙሉ በሙሉ ይቆማል ብዬ ግን ቃል አልገባልህም፣ የተለጠፈ ፎም የሚተነፍስበት የለውምና።

ኤሌክትሪሺያኑ ከዱከም

አንድ ነገር ልጨምር፣ እባካችሁ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ብርማው ሽፋን አልሙኒየም ነው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የአናጺው ስቴፕል ወይም ምስማር ሽቦ ውስጥ ከገባ ጣሪያው በሙሉ ይነዝራል። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2010 በመንግሥት ድጋፍ የቤት ጣሪያ ሲሸፈን 4 ወጣት ሠራተኞች ሞተዋል፤ 3ቱ በኤሌክትሪክ ነው። ብርማው ሽፋንም ከፕሮግራሙ እንዲወጣ ተደርጓል። እህቴ፣ ሥራው ሲጀመር ከቆጣሪው ላይ አጥፊ፤ ሽቦዎቹ በቱቦ ውስጥ ይግቡ። የካውያሽ መስመር በዚያ በኩል የሚያልፍ ከሆነ አስቀድመሽ አስለውጪው።

ሰፊዋ ከገላን (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

እንደነገራችሁኝ በየተራ አደረግሁት፣ የትኛው ምን እንደጠቀመ ማየት ስለፈለግሁ። መጀመሪያ ሲሚንቶውን በሁለቱም ወገን አስነቅዬ ወንፊት መታሁ። ቴርሞሜትር ቺፕውዱ ላይ በፕላስተር ለጥፌ ነበር፤ በ8 ሰዓት 41 ያሳይ የነበረው 38 ሆነ። ጥሩ ነው፣ ግን አናቴ ልዩነቱን ብዙም አላወቀውም። ከዚያ ኤሌክትሪኩን አስጠፍቼ በማሽኖቹ በኩል ያለውን የቤቱን ግማሽ ብቻ ብርማውን ወደ ታች አድርገን ዘረጋን። በዚያ ወገን በዚያው ሰዓት 32 ነው፤ ሌላኛው ወገን ገና 38 ላይ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስሻገር ከጥላ ወደ ፀሐይ እንደ መውጣት ነው። ቺፕውዱን ስናወርድ ሁለቱ ተሰብረዋል፣ ያንን አላሰብሁትም ነበር።

የቀረው አየሩ ነው፤ ካውያው ሲሠራ ክፍሉ አሁንም ይታፈናል።

ፎርማኑ

እሱን ጣሪያው አይፈውሰውም፤ ከውስጥ የሚወለድ ሙቀት ነው። በከፍተኛው ግድግዳ ላይ፣ ከኮርኒሱ በታች አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ የሚከፈት ትንሽ መስኮት አስወጪ፤ ካውያውንም ከሥሩ አድርጊው። በቀሪው ግማሽ ከመቀጠልሽ በፊት የተሰበሩትን ቺፕውዶች ጠርዝ እዪ። ያበጡና የጠቆሩ ከሆነ እንደ ሰበታው ወንድማችን የሌሊት ውሃ ነክቷቸዋል ማለት ነው፤ እንዲያ ከሆነ አዲሶቹን ስትገጥሚ መገጣጠሚያውን በደንብ ድፈኚው።

ሰፊዋ ከገላን

አንዱ ጠርዙ አብጧል ጋሼ። ቀለሙን ከክረምት በፊት ላስቀባ ወይስ ከመስከረም በኋላ?

ቀለም ቀቢው ከቡራዩ

በዚህ ከፎርማኑ ጋር ላንስማማ እንችላለን፤ እኔ መስከረም እላለሁ። ክረምቱ ቆርቆሮውን ራሱ ያጥብልሻል።

ፎርማኑ

ከመስከረም በኋላ ያለው ፀሐይ ቀለል ያለ ነው፣ ግንቦት ላይ አሁን እየተቃጠለች ነው። ደረቅ ሦስት ቀን ካገኘች አሁን ትቀባ ባይ ነኝ። ዝናቡ ከገባ ግን የእሱ ሐሳብ ይሻላል።