የገንዘብ ተመላሽ ደብዳቤ ቀኑንም ቅድመ ሁኔታውንም ሳይጥል የሚተረጉም ሰው ጥቆማ፣ ደሴና ኮምቦልቻ

ቦርከና፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ በሽርክና ልብስ ስፌት አለን። የጥልፍ ማሽን በኦንላይን አዘን ሲያትል ወንድማችን ቤት ደርሷል፤ አሁን ግን ልንመልሰው እያሰብን ነው። የሻጩ ደንበኞች አገልግሎት ረጅም የእንግሊዝኛ ኢሜይል ልኮልናል። ሸሪኮቼ አንብበው እንዲወስኑ ምንም ሳይጎድል በአማርኛ ያስፈልገኛል። ደሴ ፒያሳ ያሉት ጽሕፈት ቤቶች ይሻላሉ ወይስ በቴሌግራም የሚሠራ ተርጓሚ?

አዝዋ፦ እህቴ፣ ማኅተም ያለው ቤት ሂጂ። የልደት ምስክር ወረቀቴን ለኤምባሲ ያስተረጎምኩት እንደዚያ ነው፤ ማኅተም ከሌለው አይቀበሉም።

ጦሳ፦ ያ ለኤምባሲ ነው ወንድሜ። ይህ ሸሪኮች ተነጋግረው ለሚወስኑት ስለሆነ ለማኅተም መክፈል የለባትም። ጽሕፈት ቤቶቹ የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃ ላይ ፈጣን ናቸው፤ ቅጹ አንድ ዓይነት ነውና። እንዲህ ያለ ኢሜይል ሲገጥማቸው ግን ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ያሳጥሩታል፤ መጀመሪያ የሚወድቀውም «በስተቀር» የሚለው ነው። እኔ የንግድ ውል መተርጎም የለመደ ሰው እመርጣለሁ፣ በቴሌግራምም ይሁን በአካል። ኢሜይሉ ስለ ጊዜና ስለ ቅናሽ ምን ይላል?

ቦርከና፦ እኔ እስከገባኝ፣ የመመለስ ጥያቄው ዕቃው በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ የመጨረሻው ቀን በፓስፊክ ሰዓት 11:59 ፒኤም ላይ ያበቃል። ካርቶኑ ከተከፈተ ከሚመለሰው ገንዘብ እስከ 15 በመቶ ሊቀነስ ይችላል፣ ዕቃው ተበላሽቶ ካልደረሰ በስተቀር። የመላኪያ ዋጋ አይመለስም። ገንዘቡ ዕቃውን ተረክበው ከፈተሹ በኋላ ከ5 እስከ 10 የሥራ ቀን ይፈጃል። ማሽኑ መስከረም 8 ነው የደረሰው፣ ካርቶኑም አልተከፈተም።

ሐይቅ ዳር፦ አብሽሪ፣ ጊዜ አለሽ። 10 የሥራ ቀን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሲቆጠር 12 ቀን ገደማ ነው። መስቀልና ግሸን ደግሞ በዓል ስለሆኑ አይቆጠሩም።

ጦሳ፦ በዓል ከሥራ ቀን መውጣቱ ልክ ነው፤ ግን የሚወጣው የእነሱ በዓል ነው። እዚያ የሥራ ቀን የሚባለው ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለሆነ 10 የሥራ ቀን ቢያንስ ሁለት ሙሉ ሳምንት ነው። ቆጠራውም ወንድምሽ ዕቃውን ከላከበት ሳይሆን እነሱ ፈትሸው ከጨረሱበት ቀን ይነሳል። 14ቱ ቀን ግን «የሥራ» ስላልተባለ ቅዳሜም እሑድም በዓልም ይቆጠራል። ተርጓሚው ሁለቱንም «ቀናት» ብሎ ካለፈ ሸሪኮችሽ ይሳሳታሉ።

አሁን ቀኑን እንቁጠረው። መስከረም 8 ቀን 2018 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 18 ነው። ከማግሥቱ ከተቆጠረ 14ኛው ቀን ኦክቶበር 2፣ መስከረም 22 ይውላል። ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 11:59 ፒኤምን «ከምሽቱ 11:59» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ አንባቢውን ወደ ማታ 12 ሰዓት ይወስደዋል። የሲያትሉ 11:59 በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5:59 ነው። በዚያ ወቅት ሲያትል ከእኛ 10 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ ኮምቦልቻ ላይ መስከረም 23 ከጠዋቱ 3:59 ይሆናል ማለት ነው። ተርጓሚው የመጀመሪያውን ቀንና ሰዓት እንዳለ ጽፎ የእኛን ከጎኑ ያስቀምጥ፤ አንዱን በሌላው አይተካ።

ሐይቅ ዳር፦ የደረሰበት ቀንስ ራሱ አይቆጠርም? ከተቆጠረ መስከረም 21 ያበቃል፣ የግሸን ዕለት።

ጦሳ፦ ኢሜይሉ ካልለየው ተርጓሚው በራሱ መወሰን የለበትም። «በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ» ብሎ ይተወውና ለሻጩ ጥያቄ ይላክ። መልስ እስኪመጣ የመመለስ ጥያቄውን ከ21 በፊት ማቅረብ ነው የሚያዋጣው።

ተርጓሚ ስትመርጪ የቅናሹን ዓረፍተ ነገር ብቻ ስጪውና ፈትኚው። «15 በመቶ ይቀነሳል» ካለ ሁለት ነገር ጥሏል፦ «እስከ» የሚለውንና «ሊቀነስ ይችላል» የሚለውን። «በስተቀር» የሚለውንም ከየትኛው ጋር እንዳያያዘው እይ። አንቺ በጻፍሽው ከቅናሹ ጋር ነው። መላኪያው ላይ ከለጠፈው፣ የተበላሸ ዕቃ የመላኪያ ዋጋ ይመለሳል የሚል ያልተሰጠ ቃል ጨመረ ማለት ነው። ትርጉሙን ስትረከቢ ደግሞ በእንግሊዝኛው ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ አስምሪባቸው፤ እያንዳንዱ በአማርኛውም መገኘት አለበት።

አዝዋ፦ ታዲያ እንዲህ የሚሠራ ሰው ደሴ የት ይገኛል?

ጦሳ፦ ፍርድ ቤት አካባቢ ውል የሚያዘጋጁት ጋ ጠይቁ፤ «ካልሆነ በስተቀር» ለእነሱ የዕለት ሥራቸው ነው። እንግሊዝኛቸው ግን ከሰው ሰው ይለያያል፣ ፈተናዋን አትዝለሉ።

ቦርከና፦ እሺ፣ ነገ በቅናሹ ዓረፍተ ነገር ሁለቱን እፈትናለሁ። የቀኑን ጥያቄ ለሻጩ አሁኑኑ እየጻፍኩ ነው። በገጽ ነው በቃል የሚያስከፍሉት?