ስልኬ ተሰረቀ፤ የባንክ አፕና ቴሌብር ነበረው። ማን ጋር ቀድሜ ልደውል?

ሀና (ቂርቆስ)
ዛሬ ማታ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሜክሲኮ ታክሲ ስሳፈር ስልኬን ከቦርሳዬ ወሰዱት። ስክሪኑ ፓተርን አለው። ፋይዳ መታወቂያዬም ከቨሩ ውስጥ ነበር። የባንኩም የቴሌብሩም ፒን የተወለድኩበት ዓመት ነው። ባንክ ደግሞ ተዘግቷል። የባንክ አፑ ከስልኩ ጋር የታሰረ ነው ብለውኝ ነበር፤ እሱ ያድነኛል? አሁን በእህቴ ስልክ ነው የምጽፈው።

ዳዊት
አይዞሽ ሀኒ። አፑ ከታሰረ ሌላ ስልክ ላይ አይከፈትም። ያንቺን ደግሞ ፓተርኑን ሳያውቁ አይገቡበትም። አሁን በእህትሽ ስልክ ጎግል አካውንትሽ ውስጥ ግቢና ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ በርቀት አጥፊው። ነገ ጠዋት ባንክ ትሄጃለሽ።

እመቤት
ሀና፣ ሌላውን ሁሉ ተይውና አሁኑኑ ሲሙን አዘጊ። ቁጥርሽ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994፣ የሳፋሪኮም ከሆነ 700 ደውይ። ማንነትሽን ለማጣራት ይጠይቁሻል። ሙሉ ስምሽንና በቅርብ የደወልሽላቸውን ቁጥሮች አስታውሺ። ከዚያ ቴሌብሩን በ127 አሳግጂ። ቀጥሎ ባንክሽ ጋር ደውይ። ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ነው። ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ኤቲኤም ካርድሽ ጀርባ ላይ ታገኚዋለሽ። የባንክ ቅርንጫፍ ቢዘጋም የስልክ መስመሩን ሞክሪ፣ እስከ ጠዋት አትጠብቂ።

ዳዊት ስለ አፑ ያለው እውነት ነው፤ ሌባው ግን አፑን ላይፈልገው ይችላል። ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ይከተዋል። ወደ ራሱ ስልክ ደውሎ ቁጥርሽን ያያል። ከዚያ ኮከብና መሰላል ያለበትን የባንኩን አጭር ቁጥር ይደውላል። ያ መንገድ ሲሙን እንጂ የታሰረውን ስልክ አይጠይቅም። የሚቀረው ፒኑ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ከስልኩ ይልቅ ስለ ሲሙ የምጨነቀው።

ፒኑን ደግሞ እንዴት እንደሚያገኘው ላስረዳሽ። ባለ 4 አሃዝ ፒን 10,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሲስተሙም ሰው ጥቂት ጊዜ ሲሳሳት ስለሚዘጋ በግምት ማግኘት ከባድ ነው። የትውልድ ዓመት ሲሆን ግን ግምቱ ይቀላል። ፋይዳው ላይ የትውልድ ቀንሽ በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር አለ። አንዱን ይሞክራል፣ ካልሆነ ሌላውን። ሁለት ሙከራ ማንኛውም ሲስተም ይፈቅድለታል።

ዳዊት
እሺ፣ ይሄን አላሰብኩትም። ግን በርቀት ማጥፋቱስ ምን ይጎዳል?

እመቤት
አይጎዳም፤ ግን ከሲሙ በኋላ ይሁን። ትዕዛዙ የሚደርሰው ስልኩ በርቶ ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው፤ ሌባ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን መዝጋት ነው። አንዴ ውስጡ ያለው በርቀት ከተሰረዘ በኋላ ደግሞ ስልኩ ያለበትን በካርታ መከታተል አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ «ሎክ» ብትይው ይሻላል።

ጋሽ በቀለ
ልጄ፣ የስልኩ ካርቶን ቤትሽ አለ? ጎኑ ላይ ባለ 15 አሃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥር አለ። እሱን ይዘሽ በአቅራቢያሽ ፖሊስ ጣቢያ አስመዝግቢ። የሰው ስልክ በዚህ ተገኝቶ አውቃለሁ። ካርቶን ጣሉ ሲሏችሁ አትጣሉ።

እመቤት
ጋሽ በቀለ፣ እሷ የጠየቀችው ስለ ገንዘቡ ነው። ቢሆንም የፖሊስ ማመልከቻው ይጠቅማታል። ገንዘብ ወጥቶ ከተገኘ ባንኩ መጀመሪያ የሚጠይቃት እሱን ነው። ሀና፣ የተሰረቀበትን ሰዓትና 994 የደወልሽበትን ሰዓት ለይተሽ ጻፊ። ክርክሩ ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

ሙሉ (መርካቶ)
የኔ ወንድም ስልኩን ሲወስዱበት ማግስቱን በአዲሱ ሲም ተደወለለት። «ከባንክ ነው፣ አካውንትህን እየከፈትንልህ ነው፣ የመጣልህን ኮድ ንገረን» አሉት። ስሙን ከነአባቱ ያውቁታል። መታወቂያው እነሱ ጋር ነበራ! ኮዱ የመጣው እነሱ አፑን በራሳቸው ስልክ ላይ ሊያስሩት ሲሞክሩ ነው። እግዚአብሔር ይስጠው ልጁ ስልኩን ዘጋባቸው። ሀና፣ ነገ ቢደወልልሽ ማንም ይሁን ማን ኮድ እንዳትሰጪ። ራስሽ ባንኩ ጋር ደውይ።

ሀና (ቂርቆስ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ሲሙን አዘጋሁ፣ ቴሌብሩንም አሳገድኩ። ዛሬ ጠዋት በዚያው ቁጥር አዲስ ሲም አወጣሁ። የባንኩ ብር አልተነካም። ከቴሌብሩ ግን ማታ 12:50 ላይ 3,000 ብር ወደማላውቀው ቁጥር ተልኳል። እኔ የደወልኩት 1:15 ላይ ነው። ይመለስልኛል? ሌላው፣ የባንክ አፑን አዲስ ስልክ ላይ ስጭነው «በሌላ መሣሪያ የተመዘገበ» ብሎ እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?

እመቤት
የአፑ እምቢታ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሌባውም ቢሞክር ይሄንኑ ነበር የሚለው። ሌላ መታወቂያ ካለሽ እሱን ወይም ፓስፖርትሽን ይዘሽ ቅርንጫፍ ሂጂ። «አዲሱን ስልክ መዝግቡልኝ» ብቻ እንዳትይ፤ «የድሮው ስልክ ይሰረዝልኝ» በያቸው፣ ሲሰርዙም ፊታቸው ሆነሽ አረጋግጪ። አንዳንድ ባንክ ሁለት ስልክ ጎን ለጎን ይፈቅዳል። እንደዚያ ከሆነ አዲሱ ሲታሰር አሮጌው በራሱ አይወጣም። ፓተርኑን የሰበረ ሰው ከተገኘ ደግሞ አሮጌው ስልክ አሁንም የታመነ ነው ማለት ነው።

ፒኑንም እዚያው ቀይሪ። ለባንኩ አንድ፣ ለቴሌብሩ ሌላ ይሁን። ዓመት፣ የስልክሽ የመጨረሻ አሃዞች፣ 1234፣ የተደጋገመ ቁጥር አይሁን። ከስክሪን መክፈቻሽም ይለይ፤ ታክሲ ውስጥ ስትከፍቺ ከኋላ የሚያይ ሰው አይጠፋም። ቴሌግራም ላይ ለራስሽ የላክሽው ፒን ወይም ያነሳሽው የካርድ ፎቶ ካለ አሁኑኑ ከኮምፒውተር ገብተሽ አጥፊ፤ የተሰረቀውን ስልክም ከአካውንትሽ አስወጪው።

ስለ 3,000 ብሩ ተስፋ አልሰጥሽም። ለ127 የተላከበትን ቁጥርና የግብይቱን ቁጥር አሳውቂ። ብሩ እዚያ ካለ ሊያግዱት ይችላሉ፤ ለመመለስ ግን የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ደብዳቤ ሊጠይቁ ይችላሉ። ወጥቶ ከሄደ ከባድ ነው። የወጣው ሪፖርት ከማድረግሽ በፊት ነው ብለው ሊከራከሩሽ ይችላሉ።

ሙሉ (መርካቶ)
በዚህ እኔ አልስማማም። ብሩ የወጣው ከተሰረቀች 20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ሌላ ስልክ ፈልጎ እንዴት ይደውላል? በጽሑፍ ታቅርብ፣ መልሱንም በጽሑፍ ትጠይቅ። እምቢ ካሉ ብሔራዊ ባንክ አለ።

እመቤት
ማቅረቡ ይገባታል፣ አልቃወምም። ውጤቱን ነው ያላወቅኩት።

ሀና፣ አንድ ነገር ይቀርሻል። አዲሱ ሲም ላይ የሲም ሎክ አድርጊ። በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ ሴኩሪቲ ከሚለው ሥር ታገኚዋለሽ፤ በአንዳንዱ ስልክ ቦታው ይለያል። ሲሙ የመጣበትን ካርድ ያዢ፣ መነሻ ፒኑና ሲሙ ሲቆለፍ የሚከፍተው ፒዩኬ እዚያ ላይ ነው። ፒኑን በግምት አትሞክሪ፤ ሦስቴ ከተሳሳትሽ ይቆለፋል። ይሄ ከተደረገ ሌባ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ቢከት መጀመሪያ ፒን ይጠየቃል። አጭር ቁጥሩም ጋ አይደርስም።

ዳዊት
እኔም አሁን አደረግኩት። በጣት አሻራ የሚከፈተው አፕስ? ያን ልተወው ወይስ ይቆይ?

እመቤት
የስክሪን መክፈቻህን የሚያውቅ ሰው የራሱን ጣት ስልክህ ላይ መጨመር ይችላል። ደህና የተሠራ አፕ አዲስ አሻራ ሲጨመር አሻራውን ሰርዞ ፒን ይጠይቃል። የአንተ ባንክ እንዲያ ያደርግ እንደሆነ ራስህ ሞክረው፤ አንድ ተጨማሪ ጣት አስመዝግብና አፑን ክፈት። ዝም ብሎ ከከፈተልህ አጥፋው።

ሀና (ቂርቆስ)
ቅርንጫፍ ነኝ፤ የድሮው ስልክ ተሰርዟል። ማመልከቻውን ለፖሊስ ሰጥቼ ነው የመጣሁት። ስለ ብሩ የሚሉኝን እጽፋለሁ።